ኢድ አልፏል አይደል? ታዲያ ሸዋል ኢድ ምንድን ነው?

ልጆች፣ ባለፈው ማክሰኞ አንድ የ3ኛ ክፍል ተማሪ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣና "ቲቸር፣ ኢድ አልፏል አይደል? ጎረቤቶቻችን ግን አሁንም እየጾሙ ነው። ረስተውት ነው?" አለኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ግን ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚህ ልመልሰው።

አልረሱትም! ሙስሊሞች በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ምግብም ውሃም አይቀምሱም። ወሩ ሲያልቅ ኢድ አልፈጥር ይከበራል። በዚያ ቀን መጾም አይፈቀድም። ቀጥሎ ባለው ወር ግን ብዙ ሰው በፈቃዱ 6 ቀን ይጨምራል። የወሩ ስም ሸዋል ነው።

ለምን 6 ብቻ? ደብተራችሁን አውጡ። በእስልምና አንድ መልካም ሥራ እንደ 10 ይቆጠራል። ረመዳንን 30 ቀን እንበለው። 6 ስንጨምርበት 36 ይሆናል። በ10 ስናባዛው 360! አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ ሁለቱንም የጾመ ሰው ዓመቱን በሙሉ እንደጾመ ይታሰብለታል።

6ቱ ቀን ሲሞላ ሸዋል ኢድ ይከበራል፤ ያን ጊዜ ሐረር አትተኛም። ሐረሪዎች በዓሉን ሹዋሊድ ይሉታል። አው ሹሉም አህመድ እና አው አክበራ በሚባሉት ቦታዎች ሰው ይሰበሰባል። ከበሮ ይመታል፣ ዚክሪ ይባላል። ዚክሪ ፈጣሪንና ነቢዩን የሚያወድስ ዜማ ነው። ከበል የሚባሉትን የእንጨት ቁራጮች እያጋጩ የሚያጅቡም አሉ፤ ድምፁ ቀጭ ቀጭ ይላል። የሴቶቹን ቀሚስ ቀለም ደግሞ እኔ ከምነግራችሁ ሄዳችሁ ብታዩት ይሻላል።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። "የማይዳሰስ" ማለት እንደ ጀጎል ግንብ በእጅ የማይነካ፣ ግን ሰዎች እየዘመሩና እያከበሩ የሚያቆዩት ማለት ነው። መስቀል፣ ጥምቀት፣ ፍቼ ጨምበላላ እና የገዳ ሥርዓትም እዚያው መዝገብ ላይ አሉ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እነዚህን ቀናት የሚጾሙ መምህራን አሉን። በእረፍት ሰዓት ቆሎ ዘግናችሁ "እንካ፣ ቅመስ" ብላችሁ አትፈትኗቸው። ሁዳዴ የሚጾሙ እናቶች ያሏችሁ ልጆች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ደግሞም የጾመን ሰው "አልራበህም?" ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ራሱ ያስርባል።

አርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንዲት የሐረሪ እናት መጥተው ከበል አመታት ያሳዩናል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ይሞክራል፤ ማንም አይገደድም። ሐላዋ ለማምጣት ቃል የገባችሁ ልጆች አደራ፣ ከቤት ቢላ ይዛችሁ እንዳትመጡ። እኔ ጋ አለ።

የአካባቢ ሳይንስ መምህርታችሁ