ጉዳዩ፦ በረራዬ በመሰረዙ የዓመት ፈቃዴ በ4 የሥራ ቀናት እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ለአቶ ሰለሞን፣ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ፍራንክፈርት፣ ሰኞ ጥር 11 ቀን

ጤና ይስጥልኝ አቶ ሰለሞን፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። በበዓል ቀን በሥራ ጉዳይ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገ ማክሰኞ ጥር 12 ሥራ መግባት የነበረብኝ ቢሆንም አልደርስም። ትናንት ማታ ከፍራንክፈርት የምነሣበት በረራ ተሰርዟል፤ የተረጋገጠ መቀመጫ ያገኘሁት ለሐሙስ ጥር 14 ማታ ነው። አርብ ጥር 15 ጠዋት አዲስ አበባ እገባና ሰኞ ጥር 18 በመደበኛው ሰዓት ሥራ እጀምራለሁ። ስለዚህ ከማክሰኞ ጥር 12 እስከ አርብ ጥር 15 ያሉት 4 የሥራ ቀናት ወደ ፈቃዴ እንዲጨመሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። በረራው እሑድ በፍራንክፈርት ሰዓት 21፡50፣ በእኛ ከሌሊቱ 5፡50 መነሣት ነበረበት። በሰዓቱ ተሳፍረናል። ቀኑን ሙሉ ግን የሚቀዘቅዝ ዝናብ ሲጥል ስለዋለ እያንዳንዱ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት በበረዶ ማቅለጫ ፈሳሽ መረጨት ነበረበት፤ ሰልፉም ረጅም ነበር። የፈሳሹ መከላከያ ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ ነው የሚያገለግለው። እኛ ተረጭተን መንደርደሪያው ዘንድ ስንጠብቅ ያ ጊዜ አልፎ እንደገና እንድንረጭ ተመለስን። በዚህ መሐል 23፡00 ሰዓት ሆነ። የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በአካባቢው ነዋሪዎች ምክንያት ከ23፡00 እስከ 5፡00 ሰዓት የሌሊት በረራ እገዳ አለበት። ልዩ ፈቃድ ሳይገኝ ቀረና ከአውሮፕላኑ ወረድን። እስከ ንጋት ጠብቀን እንዳንሄድም የበረራ ሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት ገደብ አልቆ ነበር።

ለምን እስከ ሐሙስ እንደሚቆይ መጠየቅዎ አይቀርም፤ እኔም መጀመሪያ ኮንተሩ ላይ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ትናንት የተሰረዘው የእኛ በረራ ብቻ ስላልሆነ የሰኞና የማክሰኞ መቀመጫዎች በተሰረዙት መንገደኞች ተሞልተዋል። በሌላ ከተማ አድርጌ ትራንዚት እንድሄድም ጠይቄ ነበር። የተገኘው የረቡዕ በረራ ግን ከትራንዚት ከተማው ቀጥሎ ያለው ጉዞ በተጠባባቂነት እንጂ በተረጋገጠ መቀመጫ አልነበረም። መንገድ ላይ ሌላ ከተማ ውስጥ ተጣብቆ ሁለተኛ ማራዘሚያ ከመጠየቅ እርግጠኛውን ሐሙስ መያዝ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ለማክሰኞና ለረቡዕ ቀጥታ በረራዎች በተጠባባቂ ዝርዝር ተመዝግቤያለሁ። መቀመጫ ከተለቀቀ በዚያው ሰዓት አሳውቅዎታለሁ፤ ያላለቀ ነገር ስለሆነ ግን እባክዎ እቅድዎን በሐሙሱ ላይ ያድርጉ።

ቪዛውን በተመለከተ ሥጋት የለም። የተፈቀደልኝ የ30 ቀን ቆይታ ሲሆን ሐሙስ የምወጣው በ26ኛው ቀን ነው። ሆቴሉንና ምግቡን በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት አየር መንገዱ ይሸፍናል። ምክንያቱ የአየር ጠባይ ስለሆነ ተጨማሪ የገንዘብ ካሣ አይኖርም። በመሥሪያ ቤቱ ላይ የሚመጣ ወጪም የለም።

ፈቃዱን በሚመለከት፦ በዚህ ዓመት ካለኝ 19 ቀን ውስጥ ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 8 ባለው ጊዜ የገናን በዓል ሳይጨምር 14 ቀን ተጠቅሜያለሁ። 5 ቀን ይቀረኛል። የምጠይቀው 4ቱ ከዚያ ላይ እንዲቀነሱ ነው። በክፍሉ እቅድ ምክንያት ይህ የማይመች ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ላይ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ በተፈቀደው ያለክፍያ ፈቃድ ቢያዝልኝም እስማማለሁ። በዚህ ዓመት ያን ፈቃድ ወስጄ አላውቅም። የፈቃድ ቅጹን በአካል መፈረም ስለማልችል፣ ሰው ሀብት ለጊዜው የእርስዎን የኢሜይል መልስ እንዲቀበልልኝና ሰኞ ስገባ እንድፈርም እጠይቃለሁ። ፋይሌ ላይ ከፈቃድ ውጭ መቅረት ተብሎ እንዳይመዘገብ ነው ዛሬውኑ በጽሑፍ ማቅረቤ።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያሳስቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ረቡዕ ጥር 13 ላይ ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው የአቅራቢዎች ክፍያ ነው። ፈቃድ ከመውጣቴ በፊት ለ6 አቅራቢዎች የክፍያ ማዘዣ አዘጋጅቼ፣ ደረሰኝና የርክክብ ሰነድ አያይዤ በሰማያዊው ክላሰር አስቀምጫለሁ። ክላሰሩ ከጠረጴዛዬ በስተግራ ባለው ካቢኔት ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የካቢኔቱ ቁልፍ ሄለን ጋር አለ። አምስቱ ተሟልተዋል፣ ቼክ ብቻ ነው የሚቀራቸው። ስድስተኛው፣ የካርቶን ማሸጊያው፣ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው 480 ሲሆን በመጋዘን የተረከብነው 460 ነው። አቅራቢው የተስተካከለ ደረሰኝ ሳያመጣ ቼክ እንዳይጻፍለት። ስልክ ደውሎ ሊቸኩልባችሁ ይችላል፤ ልማዱ ነው። ቼኮቹ ሁለት ፊርማ ስለሚያስፈልጋቸው እርስዎና ሥራ አስኪያጁ ረቡዕ ከሰዓት በፊት ቢሮ መሆናችሁን ሄለን ነገ ብታረጋግጥ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው የውጭ ኦዲተሮቹ ናቸው። ረቡዕ የሚጠይቁት የባንክ ማስታረቂያዎችን ነው። እስከ ኅዳር ያሉት ታትመውና ተፈርመው በቢጫው ክላሰር ውስጥ ተቀምጠዋል። የታኅሣሡ ግን አልተሠራም፤ የባንክ መግለጫው የመጣው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ፒችትሪ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚሠራ ከዚህ ሆኜ ልሠራው አልችልም። ሄለን በራሷ መግቢያ የታኅሣሥን የባንክ ሌጀር ወደ ኤክሴል አውጥታ ከመግለጫው ስካን ጋር ብትልክልኝ ማስታረቂያውን እዚህ ሠርቼ ማክሰኞ ማታ እመልሳለሁ። የእኔን የይለፍ ቃል ለማንም አልሰጠሁም፣ አያስፈልግምም። የቋሚ ንብረት ቆጠራውን በተመለከተ ግን ኦዲተሮቹ ወደ ሰኞ ጥር 18 እንዲያዛውሩት ቢጠየቁ እመርጣለሁ፤ የመለያ ቁጥር ያልተለጠፈባቸውን ዕቃዎች የማውቃቸው እኔ ነኝ።

የጥር ደመወዝ አይነካም። የሰዓት መቆጣጠሪያው የሚዘጋው ሐሙስ ነው፣ ወደ ባንክ የሚላከው ደግሞ ጥር 22፤ ከሰኞ ጀምሮ በቂ ቀን አለኝ። የታኅሣሥ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮም እስከ ጥር 30 ጊዜ አለው።

እዚህ ያለው ሰዓት ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ወደኋላ ነው። በየቀኑ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በቴሌግራምም በዋትስአፕም እገኛለሁ፤ የኢትዮጵያው ሲሜ እዚህ አይሠራም። ሐሙስ ማታ ተሳፍሬ በሩ ሲዘጋ አንድ መልእክት እልክልዎታለሁ፣ አርብ ስደርስ ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው መልእክት ሳይደርስዎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ በረራው ዘግይቷል ማለት ነው፤ የሰኞው ሥራ ግን አይነካም።

የአራቱን ቀናት ፈቃድና የሁለቱን የረቡዕ ሥራዎች አያያዝ በተመለከተ ውሳኔዎን ነገ እስከ ቀትር ቢያሳውቁኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከሄለን ጋር በስልክ ተነጋግረን ርክክቡን እንጨርሳለን።

ከአክብሮት ጋር
መሠረት
ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ

አባሪ፦ የአየር መንገዱ የበረራ ስረዛ ማረጋገጫ ከነምክንያቱ (1 ገጽ)፣ የመጀመሪያው ትኬት (1 ገጽ)፣ የሐሙስ ጥር 14 የተረጋገጠ አዲስ ትኬት (2 ገጽ)። የመሳፈሪያ ወረቀቱን ሰኞ ይዤ እመጣለሁ።