ከዲሬክተሮች ቦርድ አባልነት መልቀቅን ስለማሳወቅ

ቀን፡ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወ/ሮ ሰብለ
የዱቄትና ፓስታ ፋብሪካ አክሲዮን ማኅበራችን የዲሬክተሮች ቦርድ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡ ከቦርድ አባልነትና ከኦዲት ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢነት መልቀቄን፣ የሥራ ርክክቡን እና ከለቀቅሁ በኋላ የሚቀጥሉብኝን ግዴታዎች ይመለከታል

የተከበሩ ሰብሳቢ፣

ከዓርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት ማብቂያ ጀምሮ ከአክሲዮን ማኅበሩ የዲሬክተሮች ቦርድ አባልነትና ከኦዲት ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢነት በራሴ ፈቃድ የለቀቅሁ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ምክንያቴን በግልጽ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ከሰኞ ኅዳር 1 ቀን ጀምሮ በአንድ ስንዴ አስመጪ ድርጅት በፋይናንስ ኃላፊነት ለመሥራት ተስማምቻለሁ። ይህ ድርጅት ለአዳማው ፋብሪካችን ስንዴ ከሚያቀርቡት አንዱ መሆኑን ቦርዱ ያውቃል። በአንድ በኩል የገዢውን የዋጋ ጣሪያ በሚያጸድቅ ቦርድ ውስጥ መቀመጥ፣ በሌላ በኩል የሻጩን ሒሳብ መምራት አይቻልም። ስንዴ በአጀንዳ በተያዘ ቁጥር ከስብሰባ እየወጣሁ አባልነቴን ልቀጥል የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ቀርቦልኝ ነበር። ለቅንነታቸው አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ስንዴ የዚህ ፋብሪካ ትልቁ ወጪ ነው። የሥራ ማስኬጃ ብድሩም፣ የዱቄት መሸጫ ዋጋውም፣ የትርፍ ድርሻውም ዞሮ ዞሮ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዚያ ውጭ የሚቀር አጀንዳ የለም ማለት ይቻላል። ሥራውን ለመቀበል በወሰንኩበት ቀን ለእርስዎ በቃል አሳውቄያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የግዥ ሰነድ አልተመለከትኩም፤ የሚላኩልኝ የጨረታ ማጠቃለያዎችም እንዲቆሙ ጸሐፊዋን ጠይቄ ቆመዋል።

ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው። መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤያችን ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን ይካሄዳል። ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተዘጋው የበጀት ዓመት ሒሳብ ሲመረመር የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ባለአክሲዮኖች ለሚያነሱት ጥያቄ ፊታቸው ቆሜ መልስ መስጠት የእኔ ግዴታ ነው። ለተተኪው አስረክቤ መሸሽ አይገባኝም። ደብዳቤዬንም የጉባኤው ጥሪ በጋዜጣ ከመውጣቱ በፊት የማቀርበው የአንድ ዲሬክተር ምርጫ በአጀንዳው እንዲያዝና ባለአክሲዮኖች በቦታው ራሳቸው እንዲመርጡ ነው። ተተኪው በኦዲት ወይም በሒሳብ ሥራ ልምድ ያለው ሰው ቢሆን ለንዑስ ኮሚቴው እጅግ ይጠቅማል። ከጉባኤው በኋላ ያሉትን ቀናት ለአዲሱ ተመራጭ ማስረከቢያ አድርጌ እጠቀምባቸዋለሁ።

በእጄ ያሉትን ሰነዶች በዝርዝር መዝግቤ ለቦርዱ ጸሐፊ በፊርማ አስረክባለሁ። እነዚህም የንዑስ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤዎች ዋና ቅጂ፣ ከውጭ ኦዲተሩ ጋር የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች፣ የውስጥ ኦዲት የሦስት ዓመት ሪፖርቶች፣ የቦርድ ላፕቶፕና የመግቢያ ካርድ ናቸው። የኩባንያው ኢሜይል አድራሻዬ በመልቀቂያዬ ዕለት እንዲዘጋ፣ በውስጡ ያለው ደብዳቤ ግን ሳይጠፋ እንዲቀመጥ የአይቲ ክፍሉን ጠይቄያለሁ። በግል ስልኬ የተነሱ የሰነድ ፎቶዎችና በቦርዱ የቴሌግራም ግሩፕ የተላኩ ፋይሎችም አሉ። የሚፈለጉትን ለጸሐፊዋ ካስተላለፍኩ በኋላ ከስልኬ አጠፋቸዋለሁ፣ ከግሩፑም እወጣለሁ። ይህን መፈጸሜን በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ሌሎች አባላትም ሲለቁ ስልካቸው እንዲታይ ቦርዱ አሠራር ቢያወጣ መልካም ነው፤ ዛሬ ምስጢር የሚወጣው ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከስልክ ነው።

ከሰነዱ በላይ የሚያሳስበኝ ያላለቀው ሥራ ነው። አንደኛው በአዳማ መጋዘን የታየው የስንዴ ልዩነት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ በሚዛን ትኬቶችና በዕቃ ገቢ ደረሰኞች መካከል 412 ኩንታል ልዩነት ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ 287ቱ ኩንታል በእርጥበትና በባዕድ ነገር የተቀነሰ መሆኑን የላቦራቶሪው መዝገብ ያሳያል፤ ቀሪው 125 ኩንታል ግን እስካሁን ማስረጃ አልቀረበበትም። ማኔጅመንቱ ይህን በብክነት መዝግቦ ለመዝጋት ሐሳብ አቅርቧል። እኔ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። መጠኑ ከጠቅላላው ግዥ አንጻር ትንሽ ቢመስልም፣ ትኬት ቁጥራቸው ተከታታይ በሆኑ የሌሊት ገቢዎች ላይ ብቻ መታየቱ በአጋጣሚ የሚሆን አይመስልም። በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። የውስጥ ኦዲቱ የጥበቃ መዝገቡን ከትኬቶቹ ጋር አመሳክሮ ሳይጨርስ እንዳይዘጋ፣ ውጤቱም ለአዲሱ የንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ በቀጥታ እንዲቀርብ አደራ እላለሁ። የስንዴው አቅራቢዎች ማንነት በዚህ ፋይል ውስጥ ስላለ፣ ከመልቀቂያዬ በኋላ ስለ ውጤቱ ለእኔ እንዳይነገረኝ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው በታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የተያዘው ይግባኛችን ነው። የገቢዎች ሚኒስቴር በጣለው ተጨማሪ የታክስ ውሳኔ ላይ ይግባኝ ስንል ከጠበቃው ጋር ሆኜ የወጪ ማስረጃዎቹን ያደራጀሁት እኔ ነኝ። ፋይሉ የተሟላ ነው፤ ለይግባኙ የተከፈለው ቅድመ ክፍያ ደረሰኝም በውስጡ አለ። ኮሚሽኑ ወይም ጠበቃው ማብራሪያ ቢፈልጉ፣ ለምስክርነትም ብጠራ፣ ከለቀቅሁ በኋላም ያለ ክፍያ እገኛለሁ። አዲሱ ቀጣሪዬ ለዚህ ፈቃድ እንደሚሰጠኝ በደብዳቤ አረጋግጦልኛል።

የፊርማ ሥልጣኔ ከመልቀቂያዬ ጋር አብሮ መቋረጥ አለበት። በሁለት የባንክ ሒሳቦች ላይ ተለዋጭ ፈራሚ ነኝ። ቦርዱ ፈራሚ የሚተካበትን ቃለ ጉባኤ አጽድቆ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ካረጋገጠ በኋላ ለባንኮቹ እንዲልክ፣ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ያለው የዲሬክተሮች መዝገብም እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። ለክስ ጉዳዮች የተሰጠኝ ውክልናም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይሻር። የባንኮቹ ማረጋገጫ እስኪደርስ ድረስ በእነዚያ ሒሳቦች ላይ አንድም ቼክ አልፈርምም።

የግል ዋስትናው ጉዳይ ግን ተለይቶ መታየት አለበት። ለሥራ ማስኬጃ ኦቨርድራፍቱ ከሌሎች ሁለት ዲሬክተሮች ጋር በግሌ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። ከቦርድ መልቀቄ ከዚህ ዋስትና አያወጣኝም፤ ውሉ ከባንኩ ጋር ስለሆነ የሚለቀኝ ባንኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቀቅሁ ብዬ ባንኩን አላስደነግጥም፣ ኩባንያውንም ችግር ላይ አልጥልም። ኦቨርድራፍቱ በጥር ወር ሲታደስ በእኔ ምትክ ሌላ ዋስ ወይም ሌላ መያዣ እንዲቀርብ፣ እስከዚያም ከአሁኑ ጣሪያ በላይ ተጨማሪ ብድር በእኔ ዋስትና ላይ እንዳይወሰድ ቦርዱ እንዲወስን እጠይቃለሁ። ወደ ሌላ ድርጅት የሄደ ሰው በማይቆጣጠረው ብድር ተጠያቂ ሆኖ መቆየቱ ለእኔም ለኩባንያውም ደግ አይደለም።

ዲሬክተር ሆኜ በቆየሁበት ጊዜ ለተላለፉ ውሳኔዎች ያለብኝ ኃላፊነት በዚህ ደብዳቤ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ የንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 በዲሬክተሮች ላይ የጣለው የታማኝነትና የጥንቃቄ ግዴታ ሥራዬን የሚመዝነው ወንበሩ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ባደረግሁት ነው። በእነዚያ ውሳኔዎች ላይ ጥያቄ ቢነሳ ራሴን የማስረዳበት የቃለ ጉባኤ ቅጂ በጽሑፍ ስጠይቅ እንዲሰጠኝ ቦርዱ እንዲያረጋግጥልኝ እሻለሁ። ቅጂውን በእጄ ማኖር አልፈልግም፤ በኩባንያው ዘንድ ይቀመጥ።

ስለ ምስጢር ጥበቃ ዋናውን ቃሌን እዚህ ላይ እሰጣለሁ። የስንዴ ግዥ ዋጋ አወሳሰናችን፣ ለእያንዳንዱ አቅራቢ የምንሰጠው የክፍያ ጊዜ፣ የአከፋፋዮች ቅናሽ፣ የሁለተኛው የፓስታ መስመር ዕቅድና የገንዘብ ምንጩ፣ የዱቄት ድብልቅ ቀመሮቻችን፣ የሠራተኞች ደመወዝና የባለአክሲዮኖች የግል መረጃ በእኔ በኩል ለማንም አይወጡም። ለአዲሱ ቀጣሪዬ ጥቅም አላውላቸውም፤ ከውስጣቸው በጭንቅላቴ የቀረውንም ቢሆን ለዋጋ ስሌት መነሻ አላደርገውም። ቀመሮቹና የግል መረጃው ያለ ጊዜ ገደብ፣ ሌላው ከመልቀቂያዬ ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ይጠበቃል፤ በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ግን በዚህ አይያዝም። ቃል ብቻ በቂ ስላልሆነ፣ አዲሱ ድርጅት ከኩባንያችን ጋር በሚያደርገው የሽያጭ ድርድር፣ የዋጋ ማቅረቢያና የክፍያ ክትትል ላይ ለአሥራ ሁለት ወራት እንዳልሳተፍ በቅጥር ውሌ ውስጥ እንዲገባ አድርጌያለሁ። የዚያን አንቀጽ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የፋብሪካውን ሠራተኞች ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤቴ እንዲመጡ አልጋብዝም።

ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል መረጃ እንድሰጥ ቢያዘኝ፣ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ አስቀድሜ ለእርስዎ አሳውቃለሁ፤ የምሰጠውም የተጠየቀውን ያህል ብቻ ይሆናል። ምስጢር መጠበቅ ጥፋት መደበቅ እንዳልሆነም በግልጽ ይያዝልኝ። የውጭ ኦዲተሩ ስለ አለፈው ዓመት ሒሳብ ቢጠይቀኝ የማውቀውን ሁሉ እነግረዋለሁ።

የያዝኳቸው 150 አክሲዮኖች በእጄ ይቆያሉ። ከእንግዲህ የማገኘው መረጃ ማንኛውም ባለአክሲዮን የሚያገኘው ብቻ ነው፤ የቦርድ አባላት እንደ ወዳጅነታችን ከዚያ የዘለለ እንዳይነግሩኝ እለምናለሁ። የአበል ሒሳቤ እስከ ጥቅምት 28 ቀን ድረስ በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ብቻ ይሰላልኝ፤ የመልቀቂያ ካሣ የሚባል ጥያቄ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ መቀበልዎን፣ በባንክ ፈራሚነቴና በግል ዋስትናው ላይ ቦርዱ የሚወስነውን እስከ ጥቅምት 10 ቀን ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በአዳማ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ መለዋወጫ ባልነበረበት ወቅት ማሽኑን እየጠገኑ ፈረቃ ሳያቋርጡ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ይህን ያህል የምጠነቀቀው ለእነርሱም ብዬ ነው። ለእርስዎ አመራርና ለባልደረቦቼ ትዕግሥት ከልብ አመሰግናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ሙሉነህ ተሰማ
የቦርድ አባልና የኦዲት ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ
(ፊርማ)

አባሪ፡ የቅጥር ውል አንቀጽ ቅጂ፣ 1 ገጽ፤ የሚረከቡ ሰነዶች ዝርዝር፣ 3 ገጽ

ግልባጭ፡
ለቦርድ አባላት በሙሉ
ለዋና ሥራ አስኪያጅ
ለቦርድ ጸሐፊ
ለውጭ ኦዲተር