እንጀራ ያልወጣለት ሰው

አዎ፣ እንጀራ ነው።

ማለቴ፣ እንጀራ ሊሆን ነበር። ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት። እኔ ሃያ ጊዜ ያህል አስፍቼ አይቼዋለሁ፤ ባሰፋሁት ቁጥር ይብስበታል። በግራ በኩል ተጣጥፎ የምታዩት ሰፌዱን ሳስገባበት አልነሳም ብሎ የታገለኝ ክፍል ነው። መሃል ላይ ያለው ጥቁር ክብ ጥላ አይደለም፣ ምጣዱ ነው። ሊጥ ያልደረሰው ሰፈር። በስተቀኝ ያለችው ጣት የኔ ናት። እዚያ ምን ልትሠራ እንደገባች አላውቅም፤ የተቃጠለችው ግን ልክ በዚያች ቅጽበት ነው።

ፎቶውን ያነሳችው ታናሽ እህቴ ናት። «እስከ ማታ ካልለጠፍከው እኔ እለጥፈዋለሁ» ብላኛለች። እሷ ስታወራ ደግሞ ታጋንናለች። እዚህ ላይ ምን የሚጋነን አለ ብትሉም፣ ከኔው ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እኔ የእንጀራ ተቺ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ሰው ቤት ተጋብዤ ከመጉረሴ በፊት ጠርዙን ገለጥ አድርጌ ጀርባውን የማይ ሰው ነኝ። «ዓይኑ ትንሽ አነሰ።» «ሩዝ ገብቶበታል መሰለኝ።» «አልቦካም እንዴ ይሄ?» ይህን ሁሉ የምለው አፌ ሞልቶ ነው። ሦስተኛውን እየጠቀለልኩ። የገዛ እናቴን እንኳን አንድ የፋሲካ ቀን «ዘንድሮ ትንሽ ወፈረብሽ» ብያታለሁ። በዚያ ቀን ዶሮው እንዴት እንደደረሰኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ባለፈው ወር ነው። ከሱቅ የገዛነውን እንጀራ ከእህቴና ከእጮኛዋ ጋር እየበላን፣ እኔ እንደ ልማዴ ጠርዙን ገለጥ አደረግኩ።

«እስኪ አንተ ጋግር» አለች እህቴ።

«ምን አለው?» አልኩ።

እጮኛዋ ቀና ብሎ አየኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ በዓይኑ «ተው» ብሎኝ ነበር። አልተውኩም። በ3ኛው ሳምንት እሑድ፣ ምሳ፣ እኔ ቤት፣ በገዛ እጄ የጋገርኩት እንጀራ፣ ሽሮ ከነቃሪያው ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። አዲስ፣ ክዳኑ የሚያብለጨልጭ። ወፍጮ ቤት ሄጄ 5 ኪሎ ነጭ ጤፍ አስፈጨሁ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከተሰለፉት እናቶች አንዷ «ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ራሴ ልጋግር ነው» ስላቸው ለጎናቸው ሴት ነገሯቸው። እሳቸውም ለሚቀጥሉት ነገሩ። ዱቄቴን ይዤ ስወጣ ሰልፉ በሙሉ እየመረቀ ሸኘኝ። «እንጀራ ይውጣልህ!» ያሉኝም ነበሩ። ምርቃቱ ለኑሮዬ ሠርቶ ይሆናል። ለምጣዱ ግን አልደረሰም።

እርሾ የሰጡኝ ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። በጆግ አምጥተውልኝ በሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር ነገሩኝ። «አዲስ ምጣድ ከሆነ መጀመሪያ አሟሽ። በጎመን ዘር አድርገህ ደጋግመህ አሟሽ።» «እሺ እትዬ» አልኩ። እሺ ያልኩት በሩን ለመዝጋት ያህል ነው። እዚህ ላይ ጣታችሁን አድርጉበት፣ እንመለስበታለን።

ለእናቴ ደወልኩ።

«ለ5 ኪሎ ስንት ውሃ ነው እማዬ?»

«እስኪበቃው።»

«እሺ፣ ስንት ሊትር ይበቃዋል?»

«እጅህ ይነግርሃል።»

የኔ እጅ ምንም አልነገረኝም። የኔ እጅ የሚያውቀው ስልክ መነካካት ነው። ክንዴ ድረስ ሊጥ ውስጥ ገብቼ ቆሜ ከእጄ መልስ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ውሃውን በግምት አፈሰስኩና ባልዲውን ጥርቅም አድርጌ ከድኜ ተኛሁ።

ወሩ ነሐሴ ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ቀን ከፍቼ ሳየው ሊጡ እንደተውኩት ተኝቷል። ኩፍ የለ፣ ምን የለ። ለእናቴ ብደውል «በርዶት ነው፣ ሙቀት ቦታ አድርገው» አለችኝ። ቤቴ ውስጥ ሙቀት ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋቢዬን አውልቄ ባልዲውን አለበስኩት፣ አልጋዬ አጠገብ አስጠጋሁት። ሊጡ ጋቢ ለብሶ አደረ፣ እኔ በጃኬት አደርኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሌባ መስሎኝ ጫማዬን አንስቼ ቆምኩ። ክዳኑ ነው። ሊጡ ተነስቶ ክዳኑን አሽቀንጥሮታል። ጋቢዬ አሁንም የእርሾ ሽታ አለው፣ ታጥቦም።

ያን ሌሊት ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። «ቦካልኝ» ብዬ በጨለማ ፎቶ ላክሁ። ለእህቴ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።

እሑድ ጠዋት ላዩ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ደፋሁ። ቀጥሎ አብሲት። አብሲት ማለት ለማታውቁ ወንድሞቼ (ለኔ ዓይነቶቹ ማለቴ ነው)፣ ከሊጡ ትንሽ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስልና፣ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ሊጡ ይመለሳል። እንጀራው ዓይን የሚያወጣው ይሄ በደንብ ሲሠራ ነው። እኔ «ይበስልና» እና «ይመለሳል» የሚሉትን ሰምቻለሁ። መሃል ላይ «ቀዝቀዝ ብሎ» መኖሩን አልሰማሁም። እየተንተከተከ ገለበጥኩበት። ሊጡ አንዴ «ጭስስ» አለና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም። እናቴ ማታ ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ እርሾውን ቀቀልከው» አለች። ሦስት ቀን ጋቢዬን አልብሼ ያሳደግኩትን!

ስድስት ሰዓት ላይ ምጣዱ ጋለ። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠዋል። አፕሮን አድርጌያለሁ። (አፕሮኑ በፎቶው አለመታየቱን እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ።)

ሊጥ ሲፈስ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል እንደሚገባ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሲሠራ አይቻለሁ። ዳሩን በደንብ አዞርኩት፣ ቆንጆ ክብ ወጣ። ሁለተኛውን ዙር ስጀምር እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሊጡ በአንድ በኩል ተከመረ፣ በሌላው በኩል መንገድ ዘለለ። መሃሉ ጋ ስደርስ ጆጉ ባዶ ነው። የሆነው ነገር ቀለበት መንገዱ ተሠርቶ መሃል ከተማው ሳይነጠፍ መቅረት ነው። አክንባሎውን ደፋሁበት። ቆጠርኩ። ከፈትኩ።

ዓይን የለም። አንድ እንኳን። ጠርዝ ገልጬ ሰው ስተች የኖርኩት ሰውዬ፣ ጠቅላላ ቢፈለግ አንድ ዓይን የሌለው ነገር ፊት ቆሜያለሁ። እሱ አላየኝም፣ እኔ ነኝ የማየው። ሰፌዱን አስገባሁ። አልገባም። ገፋሁ። ተጨማደደ። እትዬ «አሟሽ» ያሉኝ ትዝ ያለኝ እዚህ ጋ ነው። እንጀራውና ምጣዱ ተዋህደዋል፤ የት ላይ ምጣዱ አልቆ የት ላይ እንጀራው እንደሚጀምር መለየት አልቻልኩም። በቢላ ፋቅሁት።

በፎቶው የምታዩት አራተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለሕዝብ የሚቀርቡ አይደሉም። አራተኛው ከሁሉም የተሻለው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

አምስተኛው ላይ ሽሮዬ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ምድጃውን አብሬ ለኮስኩት። ምጣድና ምድጃ ባንዴ። ብሬከሩ ጣለ። በጨለማው ኮሪደር ቆጣሪው ጋ ስወርድ እትዬን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። አፕሮኔን አዩት። ክንዴ ላይ የደረቀውን ሊጥ አዩት። «አላሟሸህም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

እህቴ እስክትስቅ ድረስ ልጅቷ ያመማት መስሎኝ ነበር፣ ድምፅ ሳይወጣት ነው ሶፋው ላይ የምትንፈራገጠው። ከዚያ ለእናቴ በቪዲዮ ደወለችና ካሜራውን ምጣዱ ላይ ደቀነችው። እናቴ መነጽሯን አደረገች፣ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ውይ!» አለች። «ማን መታው?»

እጮኛው ግን ጨዋ ነው አልኳችሁ። ከአራተኛው ቆርሶ በሽሮ ጎረሰ። ረጅም ጊዜ አኘከ። ሁላችንም አፉን እያየን ነው። ዋጠ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ «ጤፉ ግን በጣም ጥሩ ነው» አለ። ገበሬውን አመሰገነ። ወፍጮ ቤቱን አመሰገነ። «የት ነው ያስፈጨኸው?» ሁሉ ብሎኛል። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እህቴን ይህን ልጅ እንዳታስመልጪው ብያታለሁ።

ምሳውን በዳቦ በላን። ሽሮው ግን ቆንጆ ነበር፣ ይህን ማንም አይነሳኝም፣ ፎቶ የተነሳለት ባይኖርም።

እህቴ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ከሱቅ የተገዛ እንጀራ ያለበትን ፌስታል አቀበለችኝ። ለካ ከጠዋቱ ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነው የመጣችው። ማታ ብቻዬን ከፈትኩት። ጠርዙን ገለጥ ላደርግ እጄ ሄደ፣ ከዚያ መለስኩትና ዝም ብዬ በላሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ባልዲው ውስጥ ከግማሽ በላይ ሊጥ አለ። መድፋት ነውር ነው፣ መጋገር ደግሞ አይታችሁታል። ዶሮ የምታረቡ ሰዎች በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ማድረሻው በኔ ነው። ዶሮዎቹ ጠርዝ ገልጠው የማያዩ ከሆኑ።