ስለ ዶሮ እርባታው

ወንድሜ፣

የላክህልኝን ፋይል ከላይ እስከ ታች አየሁት። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን ቁጥር የበዛበት ነገር በአፍ ሲነገር ይጠፋል፣ አንተም በመሃል መሟገትህ አይቀርም። ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ ረጋ ብለህ አንብበው።

ከሐሳቡ ጋር ጠብ የለኝም። እንቁላል በየቀኑ የሚሸጥ ነገር ነው። ደግሞ ሦስቱን ገዢዎች በአካል ሄደህ አነጋግረህ በሳምንት ስንት እንደሚወስዱ ማስጻፍህ ብዙ ጀማሪ የማያደርገው ነው። የሚያስጨንቀኝ 2,000 የአንድ ቀን ጫጩት በአንዴ አስገብተህ፣ በዚያው ወር ሥራ ለቀህ፣ ቤትህንም በመያዣነት ልትሰጥ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ዝም ባልኩ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ለአንዲት ስህተት እንኳ ቦታ አይተዉልህም።

ከጊዜው ልጀምር፣ ዋናው እሱ ነውና። ፋይልህ ላይ ገቢ የሚጀምረው በ4ኛው ወር ነው። ዶሮ ግን የመጀመሪያ እንቁላሏን የምትጥለው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት ነው። ከመንጋው ግማሽ ያህሉ መጣል የሚጀምረው በ21ኛው ወይም በ22ኛው ሳምንት ግድም ሲሆን፣ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከ26ኛው ሳምንት በኋላ ነው። የብድሩ የእፎይታ ጊዜ ደግሞ 3 ወር ነው፤ በ13ኛው ሳምንት ያልቃል። እንግዲህ በመሃል ያሉትን ዘጠኝ ሳምንታት አስባቸው፦ ዶሮዎቹ ይበላሉ፣ ባንኩ ክፍያውን ይጠይቃል፣ የሚሸጥ እንቁላል የለም፣ ደሞዝህም የለም።

መኖው ላይ ያለው ክፍተት ይብሳል። አንዲት ቄብ እስከ 18ኛው ሳምንት ድረስ ከ6 እስከ 7 ኪሎ መኖ ትጨርሳለች። በ6.5 ብንይዘው ለ2,000ው 130 ኩንታል ነው። እስከ 22ኛው ሳምንት ሌላ 50 ኩንታል ያህል ጨምርበት። አንተ የያዝከው 90 ኩንታል ነው፤ እሱ የሚያደርስህ ቢበዛ እስከ 15ኛው ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ያጠረው ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፦ መኖውን በፉርሽካ ማብዛት፣ ወይም መጠኑን መቀነስ። ያን ጊዜ ቄቧ ክብደቷ ሳይሞላ ለመጣል ትደርሳለች፤ ዘግይታ ትጀምራለች፣ እንቁላሏ ያንሳል፣ በኋላ ጥሩ መኖ ብታገኝም የቀረባትን አትመልስም። ማለትም በ15ኛው ሳምንት የሚያጥርህ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ይከተልሃል።

ቀጥሎ የመጣል መጠኑ። 90 ከመቶ ብለህ ለአሥራ ሁለቱም ወር ሞልተኸዋል። 90 እና ከዚያ በላይ ይገኛል፣ ግን ጣሪያው ላይ ለጥቂት ወራት፣ በጥሩ አያያዝ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለመጀመሪያ መንጋ የዘመኑን አማካይ 75 አድርገህ አስላው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በመኖ ስትመነዝረው ግን እንዲህ ነው፦ የምትጥል ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች። መንጋው 90 ከመቶ ከጣለ አንድ እንቁላል 128 ግራም መኖ ይፈጃል፤ 75 ከጣለ 153፤ 60 ከወረደ 192። የአንዱን ግራም ዋጋ አንተ ታውቀዋለህ፣ አባዛው። መኖ ከጠቅላላ ወጪው ከ60 እስከ 70 ከመቶ ስለሚይዝ ትርፍህ ያለው እዚህች ቁጥር ውስጥ ነው። ለሞት የሚሆን ረድፍም የለህም። ከጫጩትነት እስከ መንጋው መጨረሻ 10 ከመቶ ያዝ።

ቤቱ 240 ካሬ ሜትር ነው ብለሃል። በጉዝጓዝ ላይ ለሚረቡ እንቁላል ጣዮች በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ነው የሚመከረው። ስለዚህ የሚይዘው ከ1,200 እስከ 1,440 ነው። 2,000 ብታስገባ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል፣ ዶሮዎቹ እርስ በርስ ይነቋቆራሉ፤ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታም የሚወደው እንዲህ ያለውን እርጥብ ወለል ነው።

በሽታ ላይ አላስፈራራህም፣ አንድ ነገር ብቻ። ፈንግል ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ማለት ይቻላል በቀናት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሳይቋረጥበት ካልደረሰህ፣ ወይም በክሎሪን በታከመ ውኃ ከበጠበጥከው፣ ከተብኩ ብለህ እንዳልከተብክ ነህ። ይህን መማር በ300 ዶሮ ይሻላል ወይስ በቤትህ ካርታ?

እንግዲህ እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። ጫጩቱን ትቼ 16 ሳምንት የሞላቸው፣ የክትባት መዝገባቸው በእጄ የገባ 300 ቄቦች እገዛለሁ። በነፍስ ወከፍ ይወደዳሉ፣ አዎ፤ ነገር ግን ያ ባዶ ጊዜ ከአምስት ወር ወደ አምስትና ስድስት ሳምንት ያጥርልሃል፣ በማሳደጉ ላይ ያለው አደጋም የሻጩ ነበር ማለት ነው። 60 ካሬውን ከልለህ ተጠቀም። በቀን ወደ 35 ኪሎ መኖ ነው፤ ታናሽህ ጠዋትና ማታ ይበቃል። ሥራህ ይቀጥላል፣ ቤቱም አይነካም። የቆጠብከው ገንዘብ ለዚህ ይበቃል ብዬ አስባለሁ፤ የ8 ሳምንት መኖ ግን ለብቻው ተቀምጦ ይቆይ።

ከዚያ በየቀኑ ሦስት ቁጥር ይጻፍ፦ የተበላ መኖ በኪሎ፣ የተሰበሰበ እንቁላል፣ የሞተ። ከ24ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት የመጣል መጠኑ በአማካይ 80 ከመቶ ከደረሰ፣ ለአንድ እንቁላል የፈጀው መኖ ከ150 ግራም ካላለፈ፣ ገዢዎቹም በቀጠሮው ከከፈሉህ፣ ወደ 1,000 ስትሄድ ከጎንህ ነኝ፤ ባንክ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። የያዝከው መዝገብ ራሱ ከዛሬው ፋይል በተሻለ ያስረዳልሃል። ሁለተኛውን ዙር ግን በሌላ ክፍል አስገባው፤ ዕድሜው የተለያየ መንጋ አንድ ላይ ከገባ አሮጌው በሽታውን ለአዲሱ ያወርሰዋል።

አንድ ዓመት ያዘገየኛል ትላለህ። ያዘገይሃል፣ አልክድህም። ዋጋውም ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ከዚህ ዕድል ላይ የተወሰነው ሊያመልጥህ ይችላል። እሱን ከቤቱ ጋር መዝነው። ውሳኔው ያንተ ነው፤ ሁሉን ሰምተህ በ2,000ው ልቀጥል ብትልም አልቀየምህም። ያኔ ግን ቢያንስ የእፎይታ ጊዜውን ወደ 8 ወር እንዲያደርጉልህ ሳትጠይቅ አትፈርም።

አሁን የሚያጣድፉህ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ካላስገባህ አቆየው። ለጫጩቶቹ የከፈልከውን ቀብድ ደግሞ ወደ ቄብ ያዛውሩልህ እንደሆነ ነገውኑ ጠይቅ፤ የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ እምቢ ይሉሃል።

ባለቤትህ የቤቱን ነገር ታውቃለች? ካላወቀች ከእኔ በፊት ከእሷ ጋር ተነጋገር። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ፤ ኮምፒውተርህን ክፈተው፣ የጊዜውን፣ የመጣል መጠኑንና የሞቱን ረድፍ አብረን እንቀይርና የሚወጣውን እንየው።