አስቸኳይ፦ የቧንቧ ውኃ አትጠጡ፤ ቧንቧችሁን አሁን ዝጉ

ለብሎክ 4 እና ለብሎክ 5 ነዋሪዎች፣ ደብረ ማርቆስ
ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ከግቢያችን በታች ያለውን ዋና የውኃ መስመር ሰብሮታል። የተሰበረው ከፍሳሽ ቦዩ ጎን ነው፤ በዝናቡ ቦዩ ሞልቶ ጎርፉ ወደ ጉድጓዱ ገብቷል። የእኛ ፓምፕ በዚያ ሰዓት እየሳበ ስለነበር የቆሸሸው ውኃ በሁለቱም ብሎኮች ሮቶ ውስጥ ደርሷል። ከብሎክ 5 ሦስተኛ ፎቅ የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሲያዩት ጥርት ያለ ይመስላል፤ ሩብ ሰዓት ሲቀመጥ ግን ከሥሩ ቀይ ጭቃ ዘቀጠ። ስለዚህ በዓይን አይታችሁ «ንጹሕ ነው» አትበሉ።

ፓምፑ ጠፍቷል፣ የሮቶዎቹም መዝጊያ ተዘግቷል። ጥገናው ነገ ረቡዕ ማታ ድረስ ሊቆይ እንደሚችል ተነግሮናል።

አሁኑኑ፣ ይህን አንብባችሁ ሳትቀመጡ፦

ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። የወጥ ቤቱን፣ የሻወሩን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ በረንዳ ላይ ያለውንም። ውኃ ሲጠፋ ክፍት የተተወ ቧንቧ ውኃው ሌሊት ሲመለስ የታችኛውን ጎረቤት አልጋ ያረጥባል፤ ከቤት የምትወጡ ደግማችሁ እዩት።

የሻወር ማሞቂያውን ከኤሌክትሪክ አጥፉ። ባዶውን ከሠራ ይቃጠላል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ የቀዳችሁትን ውኃ ለመጠጥ፣ ለቡና፣ ለሊጥ፣ ለአትክልት ማጠቢያ፣ ለጥርስ መፋቂያ፣ በተለይም ለሕፃናት ወተት መበጥበጫ እንዳለ አትጠቀሙበት። ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። ከዚያ ሰዓት በፊት የቀዳችሁትና ክዳን ባለው ጀሪካን ያለ ውኃ ችግር የለበትም፤ እሱን ለመጠጥ ቆጥቡት።

ሌላ ውኃ የሌላችሁ፣ የቀዳችሁትን አዝቅጡ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልሉ፣ ከዚያ አፍሉ። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንፋሎት ማየት ብቻ አይበቃም። የውኃ ማከሚያ ክሎሪን ያላችሁ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሽታ የተጨመረበት በረኪና ግን ፈጽሞ አትጨምሩ።

በከሰል የምታፈሉ በረንዳ ላይ አድርጉት። ብርድ ነው ብላችሁ ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ፣ በርና መስኮትም አትዝጉበት፤ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል።

ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ያዙ፤ ለመጸዳጃና ለወለል ጥሩ ነው፣ ለመጠጥ አይደለም። ጠላ ልትጠምቁ ያሰባችሁ እባካችሁ ለሳምንት አቆዩት።

የውኃ ቦቴ ነገ ረቡዕ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በዋናው በር ይቆማል። ለአንድ ቤት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ታጥቦ፣ ክዳን ኖሮት ይምጣ። የዘይት ወይም የነዳጅ የነበረ ጀሪካን አይሞላም። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ሕመምተኞች አይሰለፉም፤ የቤት ቁጥራቸውን ዛሬ ማታ ለጥበቃው ንገሩ፣ ወጣቶቹ ተሸክመው ያደርሱላቸዋል። ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችሁን በር አንኳኩ፤ ስልክ የማያዩ እናቶችና አባቶች አሉ።

ተቅማጥ ወይም ትውከት የጀመረው ሰው ካለ በጤና ጣቢያ ወይም በፋርማሲ የሚገኘውን ኦ.አር.ኤስ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡት፤ ሕፃን ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንት ካቆመ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ውኃው ተመለሰ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ሮቶዎቹ ታጥበው በክሎሪን እስኪታከሙ ድረስ ማፍላታችሁን ቀጥሉ። «መጠጣት ተፈቅዷል» የሚለው መልእክት ከኮሚቴው በዚሁ ስም ይደርሳችኋል፣ በሁለቱም ብሎኮች ደረጃ መግቢያ ላይም ይለጠፋል። ከሌላ ሰው የሰማችሁትን አትመኑ፣ አታስተላልፉ።

ቀጣዩ መልእክት ነገ ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ አዲስ ነገር ባይኖርም እንጽፋለን። ጥያቄ ያለው ወደ ጥበቃ ቤቱ ይምጣ፤ የኮሚቴ ተረኛ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እዚያ አለ።

የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ