«ችግር አለብኝ» ለሚለው መልእክትዎ የተሰጠ መልስ

ሐሙስ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጥሩወርቅ
ደሴ ቅርንጫፍ፣ ሒሳብ ክፍል

ጉዳዩ፦ ዛሬ ከቀኑ 10፡40 ላይ በቴሌግራም የላኩልኝን መልእክት ይመለከታል

እንደምን አመሹ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤

«ችግር አለብኝ» የሚለው መልእክትዎ ደርሶኛል። ከሁለቱ ቃላት በቀር ምንም ስላልነበረው መጀመሪያ ያሳሰበኝ ኮምፒውተሩ ሳይሆን የእርስዎ ደኅንነት ነው፤ ችግር አለብኝ የሚል ሰው በቤቱ የታመመ ይኑር፣ ገንዘብ ይጠረው ወይም ኀዘን ይድረስበት በሩቅ ሆኖ ማወቅ አይቻልምና። ወዲያው ሁለት ጊዜ ደውዬ ስልክዎ አልተነሣም፤ «ምን ገጠመዎት?» ብዬ የጻፍኩትም እስካሁን አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ቆሟል፣ ማለትም አላነበቡትም። ነገሩ የግል ጉዳይ ከሆነ ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሁሉ ይተዉትና በፈለጉት ሰዓት ይደውሉልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

የሥራ ጉዳይ ከሆነ ግን በዝርዝር መጻፌ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኞ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና የቅርንጫፍዎ የመዝጊያ ሒሳብ በዚያው ቀን መድረስ ስላለበት፣ «ምን ሆነ?» «እንዴት ሆነ?» እየተባባልን የምናጠፋው ጊዜ የለንም። ሁለተኛ፣ እኔ ነገ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ስብሰባ ላይ ስለምሆን ጉዳይዎን የሚይዘው ባልደረባዬ ኤልያስ ነው፤ እሱም የእርስዎን ኮምፒውተር አይቶት ስለማያውቅ በጽሑፍ የሚያገኘው ነገር ያስፈልገዋል። ይህን መልእክት በኢሜይልም በቴሌግራምም የላክኩት አንዱ ባይከፈትልዎ በሌላው እንዲያገኙት ብዬ ነው።

በቅድሚያ የምለምንዎት፣ ምን እንደሆነ እስክናውቅ ድረስ ምንም ነገር እንዳያጠፉ፣ ፎርማት እንዳያደርጉ፣ በነበረው ፋይል ላይም ደግመው ሴቭ እንዳያደርጉ ነው። እስካሁን ካየኋቸው የፋይል መጥፋቶች የሚበዙት በመጀመሪያው ብልሽት የመጡ አልነበሩም፤ ሰው ተጨንቆ «እስቲ እንዲህ ልሞክረው» ሲል በወሰደው በሁለተኛው እርምጃ የመጡ ናቸው።

አሁን የምጠይቅዎት ዋናው ነገር በስክሪኑ ላይ የሚነበበውን ቃል በቃል እንዲልኩልኝ ነው። ይህን አጥብቄ የምልበትን ምክንያት በራስዎ ሥራ ላስረዳ። የሒሳብ ሠራተኞች ከዓመት እስከ ዓመት «ቁጥሩ ጠፋብኝ» እያሉ ይደውሉልናል። አንዷ ጋ ስንሄድ ሴሉ ውስጥ የምናየው ######## ነው፤ እዚያ ምንም የጠፋ ነገር የለም፣ ብዙ ጊዜ ዓምዱ ጠብቦ ቁጥሩን መያዝ ስላቃተው ነው፣ የዓምዱን ጠርዝ በማውዝ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት ተመልሶ ይታያል። ሌላዋ ጋ ደግሞ #REF! ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን፤ ይህ ቀመሩ ይጠቅሰው የነበረ ረድፍ ወይም ዓምድ ተሰርዟል ማለት ስለሆነ፣ ፋይሉን ሳይዘጉ ወዲያው በ Ctrl+Z ካልመለሱት ከቀድሞው ቅጂ ጋር ማመሳከር ይጠይቃል። አንደኛው የአንድ ደቂቃ፣ ሁለተኛው ምናልባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በስልክ ግን ሁለቱም «ቁጥሩ ጠፋ» ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆንና ባይገባዎ እንኳ እንዳለ ይገልብጡት፤ መተርጎሙ የእኛ ድርሻ ነው።

መገልበጡ ካስቸገረ ፎቶ ይበቃል። የ Windows ቁልፍን፣ Shift እና S ን አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ይደበዝዛል፤ ከዚያ የሚፈልጉትን ክፍል በማውዝ ከብበው ቴሌግራም ላይ Ctrl+V ቢሉት ይለጠፋል። ኮምፒውተሩ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ከሆነ በስልክዎ ያንሡት፤ ነገር ግን መብራቱ በመስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብለው ቢያነሡት ይሻላል፣ ቴሌግራምም ፎቶን ስለሚያሳንስ ጥቃቅኑ ጽሑፍ እንዲነበብ በፋይል መልክ ይላኩት። የይለፍ ቃልዎ በፎቶው ውስጥ እንዳይታይ ይጠንቀቁ፤ እኔም ሆንኩ ኤልያስ የይለፍ ቃል አንጠይቅዎትም፣ በእኛ ስም የሚጠይቅ ሰው ቢደውልም አይስጡት።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ነገሩ ከመፈጠሩ በፊት ምን ሲሠሩ እንደነበር፣ ጠዋት ደኅና ይሠራ እንደነበር፣ በመካከሉ መብራት ሄዶ ተመልሶ እንደሆነ፣ አዲስ ፍላሽ የሰካ ሰው እንዳለ፣ ደግሞም አጠገብዎ ያለው የግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት ይጻፉልኝ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ብትመስልም ሥራችንን በግማሽ ትቀንሳለች፤ ሁለቱም ላይ ከታየ ኢንተርኔቱን ወይም የጋራ መስመሩን እንመረምራለን፣ የእርስዎ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የእርስዎኑ ማሽን ብቻ እናያለን። የሞከሩት ነገር ካለም ሳያፍሩ ይንገሩን፤ ማንም እንዲወቅስዎት አይደለም፣ የሞከሩትን ደግመን እንዳንሞክር ነው።

ከሁኔታው ተነሥቼ የገመትኳቸውን ጥቂት ነገሮችም እጽፍልዎታለሁ፤ ከነዚህ አንዱ ከሆነ መልሴን ሳይጠብቁ መጀመር ይችላሉ።

ኤክሴል እየሠሩ መብራት ሄዶ ከሆነ፣ ተመልሰው ሲከፍቱት በግራ በኩል Document Recovery የሚል ሳጥን ሊመጣ ይችላል። እሱን አይዝጉት፤ ከተዘረዘሩት ሰዓቱ የቅርብ የሆነውን ከፍተው በአዲስ ስም ያስቀምጡት። ኤክሴል ካልተቀየረ በስተቀር በየ10 ደቂቃው ለራሱ ቅጂ ስለሚይዝ የሚጎድልዎ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሥራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ ጭራሽ ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ File > Info > Manage Workbook > Recover Unsaved Workbooks ውስጥ ይፈልጉት።

የአማርኛው ጽሑፍ ተበላሽቶ ከሆነ፣ ምን ዓይነት ብልሽት እንደሆነ ለይተው ይንገሩኝ። ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከተደረደሩ ጽሑፉ ደኅና ነው፣ የጎደለው ፎንቱ ነው፤ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ Ebrima ሲቀይሩት መነበብ አለበት። ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከታዩ ግን ጽሑፉ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ያ አጻጻፍ የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጥ ስለነበር ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ እንደዚያ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ የንብረት ዝርዝር በከፊል በዚህ የተጻፈ ስለነበር ጥርጣሬዬ ወደዚህ ያዘነብላል። እባክዎ እንደገና ለመተየብ እንዳይነሡ፤ ወደ ዩኒኮድ የምንቀይርበት መንገድ አለን፣ ፋይሉን ብቻ ይላኩልን።

ፍላሽዎ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ፣ ያ የምናውቀው ቫይረስ ነው። ሾርትከቶቹን መጫን ቫይረሱን ማስነሣት ስለሆነ አይንኳቸው፤ ፋይሎችዎ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ኤልያስ በስልክ እየመራዎት Command Prompt ውስጥ የሚከተለውን ትጽፋላችሁ፤ እዚህ ያስቀመጥኩት የፍላሹ ፊደል E ነው በሚል ግምት ስለሆነ ፊደሉን አስቀድመው ያረጋግጡ።

```
attrib -h -r -s /s /d E:\*.*
```

ዊንዶውስ You need to format the disk in drive E: before you can use it የሚል ጥያቄ ካመጣ ደግሞ መልሱ Cancel ብቻ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ ጊዜ አለን። ጊዜ የማይሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፋይሎችዎ ስም መጨረሻ በማያውቁት ፊደላት ተቀይሮ ከሆነ፣ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ከመጣ፣ ይህን ማንበብዎን አቁመው የኢንተርኔቱን ኬብል ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይንቀሉ፣ ዋይፋይ ካለውም ያጥፉ፣ ምንም ፍላሽ አይሰኩ፣ ከዚያም ስብሰባ ላይ ብሆንም እንኳ ለእኔ ይደውሉልኝ።

እንዴት ይጻፋል ካሉ፣ ለምሳሌ እንዲህ ቢሉን ይበቃናል፦ «ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የሰኔን የደመወዝ ሠንጠረዥ በኤክሴል ከፍቼ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ አልከፈት ብሎ የሚከተለውን ጻፈ፤ ፎቶውን አያይዣለሁ። ጠዋት ይከፈት ነበር። የግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ደኅና ነው። አንድ ጊዜ አጥፍቼ ከማብራት በቀር የነካሁት የለም። ሠንጠረዡ ነገ ከሰዓት በኋላ ለፊርማ ይፈለጋል።» ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይህን ያገኘ ሰው የመጀመሪያውን ስልክ ሲደውልልዎ መፍትሔውን ይዞ ነው። በተለይ የመጨረሻዋ፣ ማለትም መቼ እንደሚያስፈልግዎ፣ እንዳትቀር፤ በዚህ ሳምንት ከየቅርንጫፉ የሚመጣው ጥሪ ብዙ ስለሆነ ተራ የምንይዘው በእሷ ነው።

መጻፉ ከከበደዎት ወይም ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣ ካለ በድምፅ መልእክት ይንገሩኝ፤ አዳምጬ ለኤልያስ ጽፌ አስተላልፋለሁ። ለሥራው ጉዳይ እኔ ዛሬ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ነገ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስብሰባው እስኪጀመር ጥሪዎን እጠብቃለሁ፤ ከ3 እስከ 6 ኤልያስ በቢሮው መስመር ይጠብቅዎታል። እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ምንም ካልሰማሁ ወደ ቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደውዬ እርስዎ ደኅና መሆንዎን እጠይቃለሁ፤ ሰው በማሳሰቤ ቅር እንዳይልዎት አስቀድሜ ነገርኩዎ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

ዮሐንስ
የመረጃ ቴክኖሎጂ ድጋፍ ክፍል፣ ዋና መሥሪያ ቤት፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኤልያስ