የ2 ሰዓቱ መስመር

ትዕግሥት ቢሮ ስትደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ሆኗል። ሰርቪሱ ከመገናኛ ጀምሮ መንገድ ተዘግቶበት ነው የመጣው። ሚኪ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

"ዛሬ ሰላም ነው" አላት። "አንድ ነገር ብቻ። የባክአፕ ሰርቨሩ ዲስክ ሊቀየርለት ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል። ነገ ጠዋት ነው የሚነሳው። ሪፖርቱ ላይ አስገቢልኝ፤ ታክሲ ሳላጣ ልሂድ።"

ሄደ። ከሰባተኛው ፎቅ መስኮት የሜክሲኮ አደባባይ መብራት ይታያል። ክፍሉ ውስጥ እሷ፣ ስድስት ስክሪንና የሻይ ፔርሙዟ ብቻ ቀሩ። ባንኩ ውስጥ የሚገባውም የሚወጣውም ሁሉ በእነዚህ ስክሪኖች ያልፋል። የሌሊት ተረኛ ሥራ አብዛኛው መጠበቅ ነው።

ወደ 5 ሰዓት ገደማ የሚኪን መልእክት ልታስገባ ሪፖርቱን ከፈተች። "የባክአፕ ሰርቨሩ ጠፍቷል፤ ዛሬ የባክአፕ እንቅስቃሴ የለም" ብላ ጻፈች። ያላየችውን ነገር መጻፍ ግን አትወድም። እስቲ ላረጋግጥ ብላ የባክአፕ ሰርቨሩ የሚገባበትን አካውንት ስም፣ ማን መቼ እንደገባ በሚመዘግበው ሎግ ላይ ፈለገች። ባዶ ነበር የጠበቀችው። አንድ መስመር ወጣ።

```
2024-11-20T17:00:04Z EventID=4624 LogonType=3 Account=svc_backup Src=10.20.14.37
```

4624 ማለት "በትክክል ገብቷል" ማለት ነው። የሎጉ ሰዓት የግሪንዊች ነው፤ ሦስት ሲደመርበት 20:00 ይሆናል። በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ሰርቨሩ ጠፍቶ ባለበት አካውንቱ ከየት መጥቶ ገባ?

አድራሻውን ፈለገች። የአራተኛ ፎቅ የሥልጠና ክፍል ኮምፒውተር ነው። ክፍሉ ከክረምት ጀምሮ ሥልጠና ተሰጥቶበት አያውቅም።

የትናንቱን አየች። 2 ሰዓት ላይ አለ። የትናንት ወዲያውን አየች። አለ። ሎግ የሚቀመጠው ለ90 ቀን ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደች። የመጀመሪያው ቀን ላይም ያው መስመር ቁጭ ብሏል። ስለዚህ የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው።

እጇ ቀዘቀዘ። 90 ሌሊት። ከእነዚህ ቢያንስ ሠላሳውን እዚህ ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ለምን አለርት አልመጣም? መልሱን ሳታየው ታውቀዋለች፤ ግን ከፍታ አየችው። ይህ አካውንት በየሌሊቱ የውሸት አለርት እያመጣ ሲያስቸግር "ከክትትል ይውጣ" የሚል ትእዛዝ ተጽፎ ነበር። ከሥሩ ስም አለ። የእሷ ስም።

ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ የሥልጠና ክፍሉ ኮምፒውተር ወደ ውጭ ምን እንደሚልክ መፈለግ ጀመረች። ፋየርዎሉ ላይ ትልቅ ፋይል አልወጣም። ቀረው ዲኤንኤስ። ኮምፒውተር የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ሲፈልግ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እንደ ስልክ ማውጫ። ማንም አይዘጋውም፤ ከተዘጋ ኢንተርኔት የለም። ይህ ኮምፒውተር ግን የሚጠይቀው ትርጉም የሌለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ከኋላው ሁልጊዜ አንድ የማይታወቅ ስም አለው። ድርድሩ ውስጥ ነው መረጃው የሚጓዘው።

የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆጠረች። አንድ ጥያቄ። 30 ሰከንድ። ሌላ ጥያቄ። 30 ሰከንድ። ሌላ። አሁን፣ እሷ እያየች፣ እየወጣ ነው።

ወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራች። በአንድ ጥያቄ 100 ባይት ቢወጣ፣ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት 720 ጥያቄ፣ 72 ኪሎባይት። አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ አይሆንም። በ90 ሌሊት ግን 6 ሜጋባይት ተኩል ያህል ነው። ስም፣ ስልክና የሒሳብ ቁጥር ብቻ ከሆነ የተወሰደው፣ ይህ ስልሳ አምስት ሺህ ሰው ነው። እናቷ የዚህ ባንክ ደንበኛ ናት።

የኮምፒውተሩን የመብራት ኬብል ሮጣ ልትነቅል ተነሳች። ተመልሳ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሜሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ሌላ በር ካላቸው ደግሞ መታወቃቸውን ይነግራቸዋል። ስልኳን አንስታ መጀመሪያ ኃላፊዋን ወይዘሮ ራሔልን፣ ቀጥላ ጋሽ ሙሉጌታን ቀሰቀሰች። የባክአፑን ሥርዓት ከዓመታት በፊት የዘረጋው እሱ ነው።

"ጋሼ፣ በዚህ ሌሊት ይቅርታ። ባክአፑ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?"

"8 ሰዓት ነዋ ልጄ። ምነው፣ ምን ሆነ?"

"በእኛ 8 ሰዓት?"

"አዎ፣ ሌሊት። በፈረንጅ 2 ሰዓት። መመሪያው ላይ በደንብ ጽፌዋለሁ እኮ።"

መመሪያውን ከጋራ ፎልደሩ አወጣችው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ሰዓቱ ግን እንደ አገሩ ልማድ ነው፦ "Backup runs every night at 8:00"። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 20:00። ፈረንጅ "በሌሊት 8" ሲባል የሚያነበው እንደዚያ ነው።

"ጋሼ" አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ "የገባው ሰው መመሪያዎን አንብቦታል። ባክአፑን መስሎ ሊገባ ነበር። ግን በእኛ ሰዓት አላነበበውም።"

ወዲያ ማዶ ዝምታ ሆነ። ከዚያ የአልጋ ድምፅ ተሰማ። "መጣሁ" አላት።

በ2016 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ሲወሰድ ሠራተኞቹ በመጀመሪያ ያዩት የማያትም ፕሪንተር ነበር። የተለመደ ብልሽት ነው ብለው አለፉት። ሥልጠና ላይ ይህን ስትሰማ "እንዴት አላወቁም?" ብላ ነበር። ዛሬ ገባት። እዚህም 2 ሰዓት የሺፍት መቀያየሪያ ነው። አንዱ ለመውጣት ይቸኩላል፣ አንዱ ገና ሻዩን ይቀዳል። ሌባው ይህን አስቦበት አይደለም። በስህተቱ የገባበት ሰዓት ነው የደበቀው።

ወይዘሮ ራሔል ነጠላዋን እንደተከናነበች 8 ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ትዕግሥት ሁሉንም አሳየቻት፤ የራሷን ስም ያለበትን ትእዛዝ መጀመሪያ።

"ይህን የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለች።

"ያጸደቅሁት እኔ ነኝ" አለች ራሔል፣ ወንበር እየሳበች። "አሁን ሜሞሪውን እንቅዳ።"

እስኪነጋ ሠሩ። የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ቀዱ። ወደ ውጭ የሚወጣበትን መንገድ ዘጉ፣ ከውስጥ መረብ ግን አልነቀሉትም፤ የሚያደርገውን ለማየት። የባክአፑን አካውንት አገዱ፣ የአስተዳዳሪዎቹን ፓስወርድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀየሩ። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚሄደውን ሪፖርት ራሔል ራሷ ጻፈች። ጎህ ሲቀድ በመስኮቱ የጭስ ሽታ ገባ። ኅዳር 12 ነው፤ ሰፈሩ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ መስኮቱን ሊዘጋ ሄዶ ተወው።

ትዕግሥት ቤቷ ሄዳ ሦስት ሰዓት ተኛች። ተራዋ አልነበረም፤ ማታ ግን ተመለሰች። ሚኪም አልወጣም። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አራቱም አንድ ስክሪን ፊት ቆሙ። ሻይ የቀዳ ሰው የለም።

ልክ 2 ሰዓት ላይ መስመሩ ወጣ።

```
2024-11-21T17:00:04Z EventID=4625 LogonType=3 Account=svc_backup SubStatus=0xC0000072
```

"አካውንቱ ታግዷል ነው የሚለው" አለ ሚኪ በሹክሹክታ።

ትዕግሥት ሪፖርቱን ከፍታ ሰዓቱን ጻፈች። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በእኛ።